አቋም የሌለው ጽሑፍ፦ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም



እዚህ ኤደን የምንገኝ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ባለፈው ዓመት በጥናት ክበባችን አንድ የመወያያ ርዕስ አውጥተን፣ አባላት አስተያየታቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ጠይቀን ነበር። ርዕሱ ከየዕለት ኑሯችን የተወሰደ ነው። ከባሕሩ ማዶ በጀልባ ተሻግረው የሚመጡ ወገኖቻችን ሲታመሙ ወደ ሕክምና ጣቢያ ይመጣሉ፤ ዐረብኛ አያውቁም፤ ሐኪሙም የእነርሱን ቋንቋ አያውቅም። በዚያች ሰዓት ነጭ ጋዋን ለብሶ የቆመ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ካለ «ና፣ አስተርጉም» ይባላል። እንግዲህ ጥያቄያችን «የማስተርጎም ሥልጠና ያልወሰደ የሕክምና ተማሪ ለበሽተኛ ማስተርጎም ይገባዋልን?» የሚል ነበር።

ከቀረቡልን ጽሑፎች መካከል ሦስቱ ከርዕሱ ውጭ ሌላ ትምህርት ሰጡን። አንደኛው ሰው ያልጻፈው፣ ጽሑፍ አመንጪ መሣሪያ የሠራው ነበር። ሁለተኛው ያለ ጥርጥር የሰው ነበር። ሦስተኛውን ግን የመሣሪያ ነው ብለን ፈረድንበት፤ ፍርዳችንም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የጻፈው ወንድማችን የሚማረው በነፃ ትምህርት ዕድል ስለሆነ፣ «አጭበርብሯል» የምትል አንዲት ቃል ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ብትደርስ ትምህርቱን ልታሳጣው ትችል ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል ጥናት፣ በከፊልም ግለሂስ ነው። የምንመረምረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአስተያየት ጽሑፍ ውስጥ የጸሐፊው አቋም መጥፋትና ሁለቱን ወገን እኩል እያሞገሱ ማለፍ የመሣሪያ ሥራ ምልክት የሚሆነው እስከ ምን ድረስ ነው?

ሀ. የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲመረመር

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያቀረበው ጓደኛችን በመሣሪያ ማሠራቱን በኋላ ራሱ ስለነገረን፣ እንዳለ አናወጣውም። ቅርጹን ግን ለትምህርት እንዲሆን አሳጥረን እንዲህ አዘጋጅተነዋል፦

«የሕክምና ተማሪዎች ለስደተኛ በሽተኞች የማስተርጎማቸው ጉዳይ በዛሬው ጊዜ ትኩረት የሚሻ ነው። በአንድ በኩል ማስተርጎም በበሽተኛውና በሐኪሙ መካከል ያለውን የመግባባት ክፍተት ይሞላል፤ ለተማሪውም ጠቃሚ ልምድ ያስገኝለታል። በሌላ በኩል ሥልጠና የሌለው አስተርጓሚ ስሕተት ሊፈጽም ይችላል፤ የበሽተኛው ምስጢርም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁለቱም አመለካከቶች የየራሳቸው ጠንካራ ጎን አላቸው። በማጠቃለያም ጉዳዩ እንደየሁኔታው የሚታይ ሲሆን፣ የሚመለከታቸው አካላት በጋራ በመሥራት ሚዛናዊ መፍትሔ ሊያገኙለት ይገባል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሐሰት የለም። ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ትክክል ናቸው፤ ሰዋስዉም የጸዳ ነው። ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? ይህን ለማወቅ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው የመገልበጥ ፈተና ነው። «በአንድ በኩል» የሚለውን ክፍል ወደ ኋላ፣ «በሌላ በኩል» የሚለውን ወደ ፊት አምጡና እንደገና አንብቡት። መደምደሚያው ምንም አልተነካም። ይህም ማለት ከሁለቱ ክርክሮች አንዱም አልተመዘነም ማለት ነው። ሰው ሲከራከር መደምደሚያው የሚንጠለጠለው ለአንዱ ምክንያት ከሌላው አብልጦ በሰጠው ክብደት ላይ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ስንገለብጥበት ጽሑፉ ይንገዳገዳል። ይህኛው ግን ቢገለበጥም አይወድቅም፤ ቀድሞውንም በምንም ላይ አልቆመምና።

ሁለተኛው የቦታ ፈተና ነው። «የሕክምና ተማሪዎች» በሚለው ፋንታ «የሕግ ተማሪዎች»፣ «በሽተኞች» በሚለው ፋንታ «ተከሳሾች» የሚለውን አስገቡ። አንቀጹ በጥቂት ማስተካከያ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ፣ ችሎትም ሆነ ክሊኒክ ይሠራል። ኤደን የሚለውን ስም ብንጨምርበት እንኳ ስሙ እንደ ባርኔጣ ከላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ክርክሩ ውስጥ አይገባም። እዚህ ለአንድ ሳምንት ያስተረጎመ ሰው ቢሆን ኖሮ ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው ሊያነሣው የማይችለው ቢያንስ አንድ ነገር ባነሣ ነበር።

በመጨረሻም «የሚመለከታቸው አካላት» የምትለውን ሐረግ ተመልከቱ። የተጠየቀው ተማሪው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት ያለበትም ተማሪው ነው። የሚመለከተው አካል ማለት እርሱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ጽሑፉ ውሳኔውን አድራሻ ለሌለው አካል አስተላለፈው። አቋም ጠፋ የምንለው እንግዲህ ይህን ነው።

ለ. ጥርጣሬ ሁሉ የአቋም ማጣት አይደለም

ሁለተኛው ጽሑፍ አንድ ገጽ ተኩል ያህል ነበር፤ የፊደል ስሕተትም አልጠፋበትም። ጸሐፊዋ አንድ ገጠመኝ ታነሣለች። ጎኑን የሚወጋው አንድ ወጣት «ብርድ መታኝ» ይላል። በአማርኛችን ይህ አባባል የሕመሙን መነሻ መናገር ነው። እርስዋ ግን በችኮላ ቃል በቃል ወደ ዐረብኛ ስትመልሰው፣ ሐኪሙ በሽተኛው ብርድ ብርድ እያለው የሚንቀጠቀጥ መሰለውና የወባ ምርመራ አዘዘ። ስሕተቱ የታወቀው ሐኪሙ ደረቱን ካዳመጠ በኋላ ነበር። ከዚያም ሌላ ችግር ትጨምራለች። ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ቃሉ ከበሽተኛው ወደ አብሮ ተጓዡ በኦሮምኛ፣ ከአብሮ ተጓዡ ወደ እርስዋ በአማርኛ፣ ከእርስዋ ወደ ሐኪሙ በዐረብኛ ሁለት ድልድይ ይሻገራል፤ በየድልድዩም ጥቂት ይንጠባጠባል።

የደረሰችበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ የሕመሙን ታሪክ ለመቀበል እናስተርጉም፤ ሐኪሙ ደግሞ ጠይቆ፣ መርምሮ ሊያርመው ይችላልና። ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ በሚፈረምበት ሰዓት ግን አናስተርጉም፤ በዚያ ጊዜ የተሳሳተውን የሚያርም ሌላ ምርመራ የለምና። ቀጥላም «ሌሊት ሌላ ሰው ከሌለና በሽተኛው ሊሞት ከሆነ ግን ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም» ትላለች።

ልብ በሉ፤ ይህችም ልጅ ሁለቱን ወገን አይታለች። ማስተርጎም ይጠቅማል ብላለች፤ ይጎዳልም ብላለች። እርግጠኛ አለመሆኗንም አልደበቀችም። ሆኖም ሁለቱን እኩል አድርጋ አላስቀመጠችም። በመካከላቸው መስመር አሰመረች፤ መስመሩ ለምን በዚያ ቦታ ላይ እንደዋለም ምክንያቱን ነገረችን፦ ስሕተት ሊታረም የሚችልበትና የማይችልበት ቦታ። የመገልበጡን ፈተና ብናደርግባት መደምደሚያዋ ይፈርሳል። የማይስማማ አንባቢም የት ላይ ሊመታት እንደሚችል ያውቃል።

ስለዚህ «ምናልባት»፣ «እንደሚመስለኝ»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚሉ ቃላትን እየቆጠሩ አቋም የለውም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ከራሳችን የተማሪዎች ታሪክ ምሳሌ እንውሰድ። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋዜጣ በ«ስትራግል» ላይ ያወጣው ጽሑፍ የሚጀምረው ጉድለቱን በማመን ነው፤ ጥቅል አነጋገር እንደሚበዛበትና ትንተናው የተሟላ እንዳልሆነ ጸሐፊው ራሱ ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ግን ወዴት እንደቆመ ማንም አንባቢ አይጠፋውም። በሐሳቡ መስማማትና አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር መኖሩም ይታወቃል። ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ነጥብ ጥርጣሬው ባለቤት ያለው መሆኑ ነው።

ልዩነቱን እንዲህ ልናጠቃልለው እንችላለን። ባለቤት ያለው ጥርጣሬ አንድን የተወሰነ ነገር ይጠራጠራል፤ የጠረጠረውም ሰው ቢሳሳት የሚከፍለው ዋጋ አለ። ባለቤት የሌለው ሚዛን ግን ሁሉንም እኩል ይጠራጠራል፤ ቢሳሳትም የሚጠየቅ ሰው የለም።

በዚህ ረገድ ጥናትም አለ። በጀርመን አገር የፓሳው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት በ90 ርዕሶች ላይ ተማሪዎች የጻፏቸውን የክርክር ድርሰቶች ቻትጂፒቲ ከጻፋቸው ጋር አነጻጽረው መምህራንን ነጥብ አሰጥተው ነበር። መምህራኑ ለመሣሪያው ድርሰቶች ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። ነገር ግን የጸሐፊውን እምነትና ጥርጣሬ የሚገልጹ አነጋገሮች በመሣሪያው ጽሑፎች ውስጥ ከተማሪዎቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ያሰኛል፤ መሣሪያው ወላዋይ ነው ስንል «ምናልባት» ያበዛል ማለታችን ይመስላልና። እንዲያ አይደለም። መሣሪያው በየዓረፍተ ነገሩ እርግጠኛ ነው፤ የሚወላውለው በአጠቃላይ አወቃቀሩ ላይ ነው። ሰው ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ እየተጠራጠረም ቢሆን ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።

ሐ. መሣሪያው ስለምን መሃል ሰፋሪ ይሆናል?

የዚህ ባሕርይ መነሻ በአሠራሩ ላይ ነው። ቻትጂፒቲን የመሰሉ መሣሪያዎች የሚሠሩት በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ እጅግ ብዙ የተጻፈ ነገር እየቀረበላቸው ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመትን ይማራሉ። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ መሣሪያ ገለልተኛ አይደለም፤ ቁጡውንም፣ ተሳዳቢውንም፣ ካድሬውንም ሊያስመስል ይችላል፤ ሁሉንም አንብቧልና።

ሚዛኑ በብዛት የሚገባው በሁለተኛው ደረጃ ነው። ሰዎች ተቀጥረው ለአንድ ጥያቄ ከተሰጡ መልሶች የሚሻለውን ይመርጣሉ፤ መሣሪያውም የተመረጠውን ዓይነት መልስ እንዲያዘወትር ይታረማል። መራጮቹ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱን ወገን ደግፎ የቆመ መልስ አንዱን መራጭ ሲያስደስት ሌላውን ያስቀይማል፤ ሁለቱንም ወገን የሚያከብር መልስ ግን ማንንም አያስቀይምም። ይህ ላይ የሠሪዎቹ ኩባንያዎች አከራካሪ በሆኑ ጉዳዮች ላይ ወገን እንዳይዝ የሚሰጡት መመሪያ ይጨመራል። ውጤቱም በየገበታው ተቀምጦ ለሁሉም «ልክ ነህ» የሚል እንግዳ ነው።

ይህን የምናብራራው መሣሪያውን ለመውቀስ አይደለም። ጥቅምና ጉዳቱን ዘርዝርልኝ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሚዛኑ ተገቢ መልስ ነው። ችግር የሚሆነው «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ያንኑ ዝርዝር እንደ ራሱ አስተያየት ሲያቀርብ ነው።

መነሻውን ማወቃችን አንድ ትልቅ ገደብም ያሳየናል። ሚዛኑ የተጨመረ ልማድ እንጂ መሣሪያው ሊያልፈው የማይችለው አጥር አይደለም። አዛዡ «ወገን ያዝ፣ በቁጣ ጻፍ፣ ‹እኔ› እያልክ ጻፍ» ካለው መሣሪያው በአንድ ጊዜ ጽኑ አቋም ያለው መስሎ ይቀርባል፤ ያልደረሰበትንም ገጠመኝ ደረሰብኝ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ አቋም መኖሩ የሰው ሥራ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። በዚህ ምልክት የሚያዘው ቸኩሎ ያሠራው ሰው ነው፤ ተጠንቅቆ ያሠራው ያመልጣል።

መ. ሦስተኛው ጽሑፍና የእኛ ስሕተት

ሦስተኛው ጽሑፍ ንጹሕ፣ በሦስት የተከፈለ፣ «ጥቅሙ»፣ «ጉዳቱ»፣ «ማጠቃለያ» የሚል ነበር። «እኔ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልነበረበትም። መደምደሚያውም ለሁለቱም ወገን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያሳስባል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ጉዳይ ገና ማወቃችን ስለነበር ይህንንም አነበብነውና «ይኸውና ሁለተኛው» አልን። ጽሑፉን ከስብስቡ አወጣነው። ለምን እንደወጣ ደግሞ ለጥቂት ሰዎች ነገርን። በኤደን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጥቂቶች ስለሆንን፣ የክሬተርን ወሬ ሼክ ዑስማን ያለው ሰው ሳያድር ይሰማዋል።

ከአራት ቀን በኋላ ወንድማችን ደብተሩን ይዞ መጣ። በእርሳስ ተጽፈው በላያቸው ላይ የተሰረዙ ሁለት ገጾች አሳየን። በተሰረዙት ገጾች ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ ያስተረጎመላት እርሱ ነው። ሴትየዋ በባሏ ፊት ልትናገረው ያልፈለገችውን ነገር ለሐኪሙ እንዲናገርላት ለመነችው፤ እርሱም ተናገረ። ለሐኪሙ መናገሩ ትክክል ስለመሆኑ አልተጠራጠረም። ሲጽፈው ግን ኅብረተሰቡ አነስተኛ ስለሆነ ስሟ ባይጠራ እንኳ ማንነቷ ሊታወቅ እንደሚችል ገባው። ስለዚህ ሰረዘው። ከተሰረዘው በኋላ የቀረው ሚዛኑ ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር ነገረን። አገር ቤት ድርሰት ሲማር «እኔ» ብሎ መጻፍ የሚያስቀንስ ነጥብ ነበር። በእንግሊዝኛ ፈተና የተለማመደውም ሁለቱን አመለካከት አንሥቶ በየአንቀጹ መከፋፈልን ነው። ይህን የምናነብ ሁላችን ያለፍንበት ትምህርት ነው። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት ጦርነት ባየች ከተማ በእንግድነት የሚኖር ሰው በጽሑፍ ወገን ለመያዝ የማይቸኩልበትን ምክንያት ለአንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። አበው ዝም አይነቅዝም ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስሕተታችን የት ላይ እንደነበረ በሕክምና ትምህርት አማካይነት ብናየው ይገለጥልናል። ትኩሳት የወባ ምልክት ነው። ነገር ግን በታይፎይድም፣ በሳንባ ምችም፣ በሌላም በሽታ ትኩሳት ይመጣል። ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወባ ነው የሚል ሐኪም ብዙ ወባ ይይዛል፤ ብዙ ሰውም በሐሰት ይበይንበታል። አንድ ምልክት ሁለት የተለያዩ ጠባዮች አሉት፦ በሽተኛውን የመያዝ ኃይልና ጤነኛውን ነፃ የመልቀቅ ኃይል። አንዱ ስላለ ሌላው አለ ማለት አይደለም።

በቁጥር እናስላው፤ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኛው ያወጣነው ነው። 40 ጽሑፎች ቀረቡልን እንበል፤ ከእነዚህ 10ሩ የመሣሪያ፣ 30ው የሰው ይሁኑ። አቋም አልባው ሚዛን ከመሣሪያዎቹ 10 በ8ቱ ላይ ታየ፤ ይህ ጥሩ የመያዝ ኃይል ነው። ነገር ግን ከሰዎቹ 30 መካከል «ጥቅሙና ጉዳቱ» እያለ መጻፍ የለመደ 9 ሰው አለ። እንግዲህ ምልክቱ የታየባቸው በጠቅላላው 17 ጽሑፎች ናቸው፤ ከ17ቱም 9ኙ የንጹሐን ሥራዎች ናቸው። ምልክቱን ብቻ አይተን ብንፈርድ ከግማሽ በላይ የምንኮንነው በሐሰት ነው ማለት ነው። የመሣሪያ ጽሑፍ ቁጥር አንሶ ከ40ው 5 ብቻ ቢሆን ደግሞ የሐሰቱ ድርሻ ይብሱን ይጨምራል። ብያኔው የሚወሰነው በምልክቱ ጥራት ብቻ ሳይሆን በሽታው በመንደሩ ውስጥ ምን ያህል ተስፋፍቷል በሚለውም ጭምር ነው።

ይህ የእኛ ድክመት ብቻ አይደለም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ የመሣሪያን ጽሑፍ ከሰው የሚለይ መመርመሪያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 አውጥቶ ነበር። በራሱ በኩባንያው መግለጫ መሠረት መመርመሪያው ከመሣሪያ ጽሑፎች በትክክል የሚይዘው 26 ከመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከሰው ጽሑፎች 9 ከመቶውን በሐሰት ይወነጅል ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ተነሣ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚያው በ2023 ሰባት መመርመሪያዎችን ሲፈትሹ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና ከጻፏቸው 91 ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የሆኑትን የመሣሪያ ናቸው ብለው አገኟቸው። በባዕድ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እርግጠኛ የሆነባቸውን ጥቂት ቃላትና የተለመዱ አነጋገሮች ስለሚደጋግም ጽሑፉ በቀላሉ የሚገመት ይሆናል፤ መመርመሪያዎቹም የሚይዙት ይህን ነው። በእንግሊዝኛ፣ በሩሲያኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በዐረብኛ የሚማር የእኛ ሰው ሁሉ በዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ሠ. ታዲያ ምልክቱን እንዴት እንጠቀምበት?

ምልክቱ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ትኩሳት ያለበትን በሽተኛ ሐኪም «ወባ ነህ» ብሎ አይፈርድበትም፤ «ደህና ነህ» ብሎም አይሸኘውም። ደም ወስዶ ያያል። ለእኛ የደም ምርመራው ጸሐፊውን ማነጋገር ነው። የመገልበጡና የቦታው ፈተና የት ላይ መጠየቅ እንዳለብን ይጠቁሙናል፤ መልሱን ግን የሚሰጡን እነርሱ አይደሉም።

ከዚህ በኋላ በክበባችን የምንሠራበት መንገድ ይህ ነው። አንድ ጽሑፍ በሁለቱ ፈተናዎች ቢወድቅ ለማንም ሳንናገር ጸሐፊውን ለብቻው አግኝተን ሦስት ነገር እንጠይቀዋለን። አንደኛ፦ ከሁለቱ ወገን ክርክሮች ለመጣል የተቸገርክበት የትኛው ነው? አስቦ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ የሚያመው ቦታ አለው፤ ያሠራ ሰው ግን ሁለቱም ጥሩ ናቸው ይልና ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። ሁለተኛ፦ ምን ብታይ ሐሳብህን ትለውጥ ነበር? ሦስተኛ፦ ጽፈህ የሰረዝከው ምንድን ነው? ከሦስቱ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘነው የመጨረሻው ነው። የተጻፈውን መሣሪያ ሊሠራው ይችላል፤ የተሰረዘውን ግን የሚያውቀው የሰረዘው ሰው ነው። የሦስተኛው ጽሑፍ ባለቤት ደብተሩን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ ሁለት ደቂቃ በበቃን ነበር።

ይህም መንገድ ቢሆን ስሕተት አያጣውም። ዓይነ አፋር የሆነ ሰው ሲጠየቅ ይደናገጣል፤ ምላሰኛውም ያላሰበውን ያሰበ ያስመስላል። ስለዚህ መልሱ አጥጋቢ ባይሆንም የምንወስደው እርምጃ ጽሑፉን ከአስተያየታችን ጋር ለጸሐፊው መመለስ ብቻ ነው። አስተያየቱም «መሣሪያ ነው» የሚል አይሆንም፤ ያን ማረጋገጥ አንችልምና። የሚለው «አቋምህን አላገኘነውም፤ መስመሩን የት ታሰምራለህ?» ነው። ይህ ጥያቄ ጸሐፊው ሰውም ሆነ መሣሪያ ያው ትክክል ነው። የተጠየቀው ሰው ከሆነ ጽሑፉ ይሻሻላል፤ ያሠራም ከሆነ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሱ ማሰብ ይኖርበታል።

ወንድማችንን በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ወሬውን የነገርናቸውንም ሰዎች አንድ በአንድ ሄደን አርመናል። ጽሑፉን እንደገና ሲጽፈው ሴትየዋን አላነሣትም፤ ሊያነሣትም አይገባውም ነበር። ከማጠቃለያው በፊት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት፦ «በሽተኛዋ ባለችበት ክፍል ዘመድ ካለ አላስተረጉምም፤ እርሱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።» ከዚያ በኋላ በመገልበጥ ፈተናው አንብበነዋል። «ጉዳቱ» ወደ ፊት፣ «ጥቅሙ» ወደ ኋላ ሲሆን መደምደሚያው ከየት እንደመጣ መታየቱ ቀረ።